ቪው ሞልቶ ስልክ ካልጮኸ

ሶሻል ሚዲያ ላይ ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ፣ ፕሮፋይላችሁ ላይ ስልክ ቁጥር እንዳለ፣ ቁጥሩም እንደሚሠራ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ቪው አለ፣ ሽያጭ የለም

ድሬ ውስጥ በብዛት የሚጠሩኝ ለዚህ ነው። ሳቢያን ያለ አንድ ሶፋ ሠሪ ስልኩን ዘረጋልኝና "አቦ፣ ይኸው 80 ሺህ ሰው አይቶታል፣ ከዚህ ግን አንድም ሶፋ አልሸጥኩም" አለኝ። ቪዲዮው የወንድሙ ልጅ ሶፋ ላይ ሲዘል ያሳያል። ኮመንቱን አብረን አየነው። ግማሹ ሳቅ ነው፣ ግማሹ "ዋጋ?" ይላል። የጻፉት ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከዱባይ ናቸው። ዱባይ ድረስ ሶፋ በአይሱዙ ሊጭን ነው?

"በወር ስንት እንዲመጣልህ ነው የምትፈልገው?" አልኩት። "ብዙ" አለኝ።

መንስኤ

"ብዙ" አይቆጠርም። ሰውዬው መጀመሪያ ቲክቶክን መረጠ፣ ቀጥሎ ሪንግ ላይት ገዛ፣ ከዚያ ልጁን አስዘለለ። ይሄ ሁሉ ምን እንዲያመጣለት እንደሆነ ግን አልወሰነም። የራሱ ቁጥር ስለሌለው አፑ የሚያሳየውን ቁጥር ይዞ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ቪው ነው።

መፍትሄ

ስልኩን አስቀመጥንና ከወርክሾፑ ጀመርን። ባሉት ሠራተኞች በወር የሚጨርሰው 6 ሶፋ ነው። ሦስቱ በሰው በሰው ይሸጣሉ። ስለዚህ ከሶሻል ሚዲያ የሚፈልገው የ3 ሶፋ ገዢ ብቻ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት የምር የጠየቁትን አስቦ ሲቆጥር 30 ሆኑ፤ የገዙት 6 ናቸው። ከአምስት አንድ ማለት ነው። ለ3 ሽያጭ 15 ጠያቂ ያስፈልገዋል። ግቡ ይሄው ሆነ፦ በወር 15 ጠያቂ። ሌላ ቁጥር የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ 30ዎቹ ሰው ነግሯቸው የመጡ ናቸው። በቪዲዮ ያያችሁ የማያውቃችሁ ሰው እንደነሱ ቶሎ አይገዛም። ስለዚህ 15 መነሻ ግምት ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ግን አትነካኩት።

ቀጥሎ ጠያቂ ማን እንደሆነ ተስማማን። ድሬ ወይም ሐረር ያለ፣ የሚፈልገውን የሶፋ ዓይነት የተናገረ፣ ስልኩን የሰጠ ሰው ነው። አንዱ ከጎደለ አይቆጠርም። "ዋጋ?" ብሎ የጠፋም አይቆጠርም። እዚህ ላይ አትለሳለሱ! እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ያለች አንዲት ልብስ ሻጭ "40 ሰው ጠየቀኝ" ብላኝ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ስናይ ሰዎቹ 11 ነበሩ። አንዷ ብቻዋን ዘጠኝ ጊዜ ጠይቃለች።

ለመቁጠሪያ ሁለተኛ ሲም አወጣ። ያ ቁጥር ሶሻል ሚዲያ ላይ እንጂ ሌላ የትም አይጻፍም፤ ባነር ላይም ቢሆን። እዚያ የጮኸ ስልክ ከየት እንደመጣ አያከራክርም። ደብተር ላይ ቀን፣ ስልክ፣ የተፈለገው ሶፋ፣ የት እንዳየ ይጻፋል። በቃሌ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠመኝ ሥራውን አልጀምርም።

ምን እንለጥፍ የሚለው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙም አላከራከረን። ጠያቂው ድሬና ሐረር ያለ ሰው ከሆነ ቪዲዮው ገና ሲከፈት "ድሬዳዋ፣ ሳቢያን" ማለት አለበት። የሶፋው ልክና ዋጋም ይነገራል። ("ዋጋ በኢንቦክስ" የምትሉ ሰዎች፣ ምኑን ነው የምትደብቁት?) ልጁ መዝለሉን ተወ። ቪው ወደ 2 ሺህ ሲወርድ ሰውዬው ደንግጦ በሌሊት ደወለልኝ። ደብተሩን አንብብልኝ አልኩት። በመጀመሪያው ወር 6፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 16 ጠያቂ ተጽፏል።

ምልክት፦ 15 ሞልቷል፣ ሽያጭ ግን የለም

ፖስቱን አትንኩ፣ እሱ ሥራውን ሠርቷል። ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመልሱ እዩ። ጠዋት ለጠየቀ ሰው ከበርጫ በኋላ ማታ የሚመልስ ነጋዴ አውቃለሁ። እስከዚያ ደንበኛው ሌላ ቤት ቀብድ ከፍሏል።

ምልክት፦ ቴሌግራም ላይ 12 ሺህ አባል፣ ፖስቱን ያየው 90 ሰው

አብዛኞቹ አባላት የተገዙ ሳይሆኑ አይቀሩም። አዲስ ቻናል ክፈቱ።

ምልክት፦ የጠያቂው ቁጥር ድንገት ወረደ

ረመዳን ወይም ጾም ከሆነ ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት ጋር አስተያዩት። የአምናው ደብተር ከሌላችሁ ዘንድሮ ጀምሩ።