ቦርዱ ሻይ ቡና ላይ ቆሞ ሲቀር፦ የበጀት አቀራረብ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በጀት መስራት ለሚያውቅ ሰው ነው። ድምሩ ገጥሟል፣ የአሰሪው 11 በመቶ ጡረታ ተይዟል፣ ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው ብዬ ልነሳ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰነዱ ቦርድ ፊት ሲቀርብ። እኔ በብዛት የምሰራው ከአገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው።

ምልክት፦ ቦርዱ ትንሽ ወጪ ላይ ይከራከራል፣ ትልቁን ሳያይ ያጸድቃል

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። አንድ ድርጅት የ24 ሚሊዮን ብር በጀት ይዞ ቀረበ። ዘጠኝ ገጽ ሰንጠረዥ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ተለቀቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ሻይ፣ ቡናና ውሃ 96,000 ብር» የሚል መስመር አለ። አንድ አንጋፋ የቦርድ አባል መነጽራቸውን አስተካከሉና «ይሄ በወር 8,000 ብር ነው። ስንት ሰው ነው የሚጠጣው?» አሉ። የፋይናንስ ኃላፊዋ «ጋሼ፣ እንግዳም ስብሰባም አለ እኮ» አለች። ሌላው አባል ደግሞ ቡናው ቢሮ ውስጥ ቢፈላ ይረክሳል አለ። ከዚያ የጽዳት ዕቃ መጣ። ከዚያ የመኪና እጥበት።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሰብሳቢው «የቀረው እንዳለ ይጽደቅ፤ የሚቃወም አለ?» አሉ። የሚቃወም አልነበረም። በዚያች «የቀረው» በምትል ቃል ውስጥ 1.9 ሚሊዮን ብር የደመወዝ ጭማሪ አለፈ። ሰባተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የተጻፈችውን የዶላር ምንዛሪ ግምት ደግሞ ጭራሽ ማንም አላያትም።

ምክንያት

አቅራቢዎች «ቦርዱ ጥቃቅን ነገር ይወዳል» እያሉ ያማርራሉ። አይደለም። ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው፤ የቡና ዋጋ የማያውቅ የለም። አንተ የሻይ ቡናውን 96,000 ብርና ከዶላር የሚጠበቀውን የ16.8 ሚሊዮን ብር ገቢ በእኩል መስመር፣ በእኩል ፊደል ካሳየኸው እኩል ክብደት ሰጥተሃቸዋል ማለት ነው። ጥፋቱ የሰነዱ ነው።

መፍትሄ፦ አንድ ገጽ፣ የቀረው አባሪ

ምን ገጹ ላይ ይውጣ፣ ምን አባሪ ይግባ ለሚለው አንድ ጥያቄ ይበቃኛል። ይህ ቁጥር በአስር በመቶ ቢዛነፍ ቦርዱ ሌላ ውሳኔ ይወስን ነበር ወይ? የሻይ ቡናው አስር በመቶ 9,600 ብር ነው። ለዚያ ብሎ ውሳኔ የሚቀይር የለም፤ አባሪ። የዶላሩ ገቢ አስር በመቶ 1.68 ሚሊዮን ብር ነው። ያ አንድ ፕሮጀክት ሊያስቆም ይችላል፤ ገጹ ላይ።

በዚህ መንገድ የዚያኑ ድርጅት በጀት እንደገና ስንሰራው ገጹ እንዲህ ሆነ።

የመጀመሪያው ነገር ጥያቄው ነው፤ ሰንጠረዡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ቦርዱ የ24 ሚሊዮን ብር ወጪ እንዲያጸድቅ፣ ከዚህ ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ብር ከመጠባበቂያ እንዲወጣ እንዲፈቅድ እንጠይቃለን።» አለቀ። ይህ ዓረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳለ መገልበጥ አለበት። ጸሐፊው ከራሱ አቀናብሮ ከጻፈው ኦዲተር ሲመጣ የጸደቀው የትኛው እንደሆነ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ቀጥሎ ትንሽ ሰንጠረዥ። ከአስር መስመር አይበልጥም፤ ሦስት ዓምድ አለው፦ ባለፈው ዓመት የጸደቀው፣ እስከ ሰኔ 30 ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው፣ አሁን የሚጠየቀው። መሃለኛውን ዓምድ የሚያስቀሩ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ ነው። በዚህ ምሳሌ የጸደቀው 20 ሚሊዮን ነበር፣ በተግባር የሚወጣው ግን 18.6 ሚሊዮን ነው። መሃለኛው ዓምድ ከሌለ ጭማሪው 4 ሚሊዮን ይመስላል። እውነተኛው ጭማሪ 5.4 ሚሊዮን ነው። ይህን የሚያውቅ አባል በመሃል ስብሰባ ካወጣው በኋላ የምትናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰሙህ።

ከሰንጠረዡ ስር ጭማሪው ከየት እንደመጣ በሦስት መስመር ይጻፋል። ደመወዝ 1.9 ሚሊዮን፣ በሁለት ትምህርት ቤቶች የሚጀመር የምገባ ሥራ 2.6 ሚሊዮን፣ የነዳጅና የዕቃ ዋጋ መናር 0.9 ሚሊዮን። ድምሩ 5.4 ይመጣል። «ልዩ ልዩ» የሚል አራተኛ መስመር አታስገባ። ቦርድ ያንን ቃል ሲያይ ጥፍሩን ያወጣል፤ እውነቱንም ነው።

የምንዛሪው መስመር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የሚተዳደር ድርጅት የምንዛሪ ግምቱን አባሪ ውስጥ የሚቀብርበት ምክንያት የለውም። አሁንም ግን ይቀብራሉ።

በምሳሌያችን ድርጅቱ 120,000 ዶላር ይጠብቃል፤ በ140 ብር ታስቦ 16.8 ሚሊዮን። ከአገር ውስጥ ለጋሾች 4.2 ሚሊዮን፣ ከአዳራሽ ኪራይ 1.4 ሚሊዮን። ጠቅላላ ገቢው 22.4 ሚሊዮን ነው። ነገር ግን በጀቱ በሚሰራበት ቀን ባንኩ የሚመነዝረው በ130 ነበር። «140ን ከየት አመጣችሁት?» ስል ኃላፊዋ «መጨመሩ አይቀርም ብለን ነው» አለች። ሊሆን ይችላል። ግን ይሄ የሒሳብ ክፍል ውሳኔ አይደለም፤ የቦርድ ነው።

በ130 ብናሰላው ገቢው በ1.2 ሚሊዮን ይቀንሳል። ከመጠባበቂያ የሚወጣው 1.6 ሳይሆን 2.8 ሚሊዮን ይሆናል። ሌላም ጉድ አለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የዚህ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ 4.3 ሚሊዮን ነው። በ140 ስሌት 19.2 በመቶ ስለሚሆን ችግር የለበትም። በ130 ግን ገቢው 21.2 ሚሊዮን ይሆንና ወጪው ከ20 በመቶ በትንሹ ያልፋል። ያቺ ሰባተኛ ገጽ ግርጌ የተደበቀች ቁጥር ድርጅቱን ከሕግ ውጪ ታደርገው ነበር።

ስለዚህ ገጹ ላይ ይህ መስመር ገባ፦ «ግምታችን 1 ዶላር 140 ብር ነው፤ የዛሬው የባንክ ዋጋ 130 ነው። በ5 ብር በቀነሰ ቁጥር 600,000 ብር ይጎድላል። በ130 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ ያልፋል።» ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባ አብዛኛውን ሰዓት የፈጀው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ግምቱን ወደ 130 አወረዱ፤ የቢሮ እድሳቱንና ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት አዘገዩ። ስለ ሻይ ቡና የጠየቀ አልነበረም። መስመሯ አባሪ 1 ላይ አለች፤ የፈለገ ያያታል።

የገጹ መጨረሻ መጠባበቂያ ነው፤ በብርም በወርም። 5 ሚሊዮን የነበረው 1.6 ሚሊዮን ሲወጣለት 3.4 ሚሊዮን ይቀራል። በ24 ሚሊዮን በጀት የወር ወጪው 2 ሚሊዮን ነው። «ባለፈው ዓመት ወጪ ለሦስት ወር ይበቃን የነበረው አሁን ሁለት ወር እንኳ አያደርሰንም» ብለህ ጻፈው። ብሩን ብቻ ብትነግራቸው 3.4 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል።

ምልክት፦ «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል ሁሉም ወረቀት ያገላብጣል

አባሪ ማለት የተረፈውን ማጎሪያ የሚመስላቸው አሉ። ገጹ ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር አጠገቡ የአባሪ ቁጥር ይኑረው። አባሪዎቹም ቁጥርና ርዕስ ይኑራቸው። እኔ የምጠቀመው ይሄን ነው፦ አባሪ 1 ዝርዝር ወጪ በየሒሳብ መደቡ፤ አባሪ 2 ደመወዝ በደረጃ፤ አባሪ 3 የወር በወር የገንዘብ ፍሰት፤ አባሪ 4 ግምቶቹና ስሌታቸው። ከዚህ ከበዛ ማንም አይከፍተውም።

አባሪ 2 ላይ የሰራተኛ ስም አይጻፍ። ደረጃ፣ የሰው ብዛት፣ ድምር፤ በቃ። ስም የያዘ የደመወዝ ፋይል በኢሜይል ከወጣ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ነው። ጠዋት ቢሮው ተኳርፎ ታገኘዋለህ።

አባሪ 3 አባሪ ሆኖ የሚቀረው ወሮቹ ሁሉ በፕላስ ከተዘጉ ነው። የለጋሹ ገንዘብ የሚገባው ጥቅምት ላይ ሆኖ መስከረም ማይነስ ከሆነ «የመስከረም ደመወዝ ከየት ይከፈላል?» የሚለው ገጹ ላይ አንድ መስመር ይገባዋል። በዓመት የተመጣጠነ በጀት በወር ሊከስር ይችላል።

ምልክት፦ የገጹና የአባሪው ድምር አይገጥምም

ማታ ዳይሬክተሩ አንድ መስመር ቀንሷል፤ ገጹ ላይ ግን በእጅ የተጻፈው ድምር እንዳለ ቀርቷል። ገጹን በእጅ አትሙላ፤ ከአባሪው ራሱ ይሳብ። አጠገቡም ማረጋገጫ አስቀምጥ፦

```
=C12-'Annex1'!F64
```

ውጤቱ 0 ካልሆነ ፒዲኤፍ አታድርገው።

ምልክት፦ አንድ ገጽ ነው፣ ግን አይነበብም

ፊደሉ 7 ነው፣ ህዳጉ የለም። ያ በግድ የተጨፈለቀ ሦስት ገጽ ነው። ፊደሉን 11 አድርግ፤ ካልበቃ ቁጥር ቀንስ። ወረቀት ላይም አትም፤ ብዙ አባላት ስልካቸው ላይ ሰንጠረዥ አያነቡም።

ምልክት፦ «ገና አሁን ማየቴ ነው»

ሰነዱ የተላከው ዋዜማ ላይ ነው። ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይሂድ። ምንዛሪውን፣ ደመወዙንና መጠባበቂያውን ደግሞ ለሰብሳቢውና ለገንዘብ ያዡ ቀድመህ ደውለህ አስረዳ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የለጋሹ ዓመት በፈረንጆች ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሆኖ ቁጥሩ ካልገጠመ አባሪ 4 ላይ ማገናኛ ሰንጠረዥ ጨምር። አንድ አባል ዝርዝሩ ካልተነበበ አልፈርም ካለ አባሪ 1ን ስጠውና ከስብሰባው በፊት አብረኸው ተቀመጥ፤ ፕሮጀክተሩ ላይ ግን አትክፈተው።