ደንበኛ ለማምጣት የወጣው ወጪ ይመለሳል ወይ? ኤልቲቪን ከካክ ጋር እንዴት ማስላት ይቻላል

አንድ ደንበኛ ከእናንተ ጋር እስካለ ድረስ ሚያስገኝላችሁ ትርፍ ኤልቲቪ ይባላል፣ ያንን ደንበኛ ለማምጣት ያወጣችሁት ወጪ ደግሞ ካክ። ኤልቲቪውን ለካክ ስታካፍሉት ሚመጣው ቁጥር፣ ሬሾው ማለት ነው፣ ቢዝነሱ ባደገ ቁጥር እያተረፈ ነው ወይስ እየከሰረ ሚለውን ያሳያል። ችግሩ ግን ሁለቱንም ቁጥር ሳያውቁት አሳምሮ ማውጣት በጣም ቀላል ነው፣ ብዙ ሰውም እዛ ላይ ነው ሚሳሳተው። እስቲ በወር ክፍያ የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር ሚሸጥ አንድ ድርጅት እንውሰድና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሱ እንስራው፣ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው፣ ገንዘቡን በፈለጋችሁት አስቡት።

መጀመሪያ ኤልቲቪውን እናውጣ። ደንበኛው በወር 100 ይከፍላል። ከዚህ 100 ላይ ግን ለሰርቨር 12፣ ስልክ ሲደወል ለሚመልሱት ሰራተኞች 15፣ ክፍያውን ለሚያስተላልፈው ባንክ 3 ይሄዳል፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ ሚቀረው 70 ነው። ሂሳቡ ሚሰራው በዚህ 70 እንጂ በ100ው አይደለም፣ ምክንያቱም ካኩን ሚከፍልላችሁ የተረፈው ገንዘብ እንጂ የገባው በሙሉ አይደለም።

ቀጥሎ ደንበኛው ስንት ወር ይቆያል ሚለው ነው። ወሩ ሲጀምር 800 ደንበኛ ነበራችሁ እንበል፣ ከነሱ ውስጥ 40ዎቹ በወሩ አቋረጡ። 40 ለ800 ሲካፈል 5 ፐርሰንት፣ ይሄ ቸርን ሚባለው ነው። በወሩ ውስጥ አዲስ የገቡትን እዚህ ሂሳብ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ገና ስለገቡ አላቋረጡም፣ እነሱን ስትደምሩ ቸርኑ ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል። 1 ለ0.05 ሲካፈል 20 ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ ደንበኛ በአማካይ 20 ወር ይቆያል፣ 70 በ20 ሲባዛ ኤልቲቪው 1,400 መጣ። ኤክሴል ላይ B2 ወርሃዊ ክፍያ፣ C2 ሚተርፈው ድርሻ በፐርሰንት፣ እዚህ 70%፣ D2 ቸርን፣ እዚህ 5%፣ ከሆነ እንዲህ ነው፦

```
=B2*C2/D2
```

ድርጅቱ ገና አንድ አመት ያልሞላው ከሆነ ግን ይሄን ፎርሙላ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ቸርኑ 2 ፐርሰንት ቢሆን ፎርሙላው 50 ወር ይቆያሉ ይላችኋል፣ 50 ወር የቆየ አንድም ደንበኛ ግን አላያችሁም። እንደዚህ ሲሆን ጣሪያ አብጁለት፣ ለምሳሌ ከ24 ወር በላይ አልቆጥርም በሉ፣ ውጤቱ ያንሳል ግን ሚታመን ቁጥር ነው።

አሁን ካክ። ያለፈውን ሶስት ወር ወጪ አውጡ፦ ማስታወቂያ 60,000፣ የማርኬቲንግና የሽያጭ ሰራተኞች ደሞዝ 45,000፣ ኮሚሽን 9,000፣ ለነፃ ሙከራና ለመጀመሪያ ወር ቅናሽ የሄደው 6,000። ድምሩ 120,000። በነዚህ ሶስት ወራት 240 አዲስ ከፋይ ደንበኛ ከመጣ ካኩ 500 ነው። ከፋይ ያልኩት በምክንያት ነው፣ አካውንት ከፍቶ አንድም ጊዜ ያልከፈለ ሰው እዚህ አይቆጠርም። ደሞዙን መተውም አይሆንም፣ ማስታወቂያውን ብቻ ብታካፍሉ 250 ይመጣል፣ ኤልቲቪውን ደግሞ በ100ው ሰርታችሁት ቢሆን 2,000፣ ሬሾው 8 ሆኖ ቁጭ ይላል። በትክክል ስንሰራው ግን 1,400 ለ500፣ 2.8 ነው። ያው ድርጅት፣ ያው ሶስት ወር፣ ልዩነቱ ምን ተቆጠረ ምን ተተወ ነው።

2.8 ምን ማለት ነው? ከ1 በታች ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ኪሳራ ይዞላችሁ ይመጣል። 3 አካባቢ ጥሩ ነው ሚባለው በኢንቨስተሮች ዘንድ የተለመደ ልምድ ስለሆነ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም፣ ሀሳቡ ግን ልክ ነው፣ ከልዩነቱ ላይ የቢሮ ኪራዩ፣ ፕሮግራመሮቹ፣ አስተዳደሩ ሁሉ መከፈል አለበት፣ ሬሾው 1.2 ሆኖ እነዚህን መሸፈን ከባድ ነው። በጣም ሲበዛ፣ 7 እና 8 ሲሆን ደግሞ፣ ወይ ወጪ ተረስቷል ወይ ደግሞ ድርጅቱ ማደግ ሲችል ለማርኬቲንግ እጁን አስሯል። ከሬሾው ጎን ካኩ በስንት ወር ይመለሳል ሚለውንም እዩ፣ 500 ለ70 ሲካፈል 7 ወር ትንሽ አለፍ ይላል፣ ያንን ያህል ጊዜ ከኪሳችሁ ሸፍናችሁ መቆየት ትችላላችሁ ወይ ነው ጥያቄው።

እዚህ ጋ ሚያቆም ሰው ብዙ ነው፣ ለኔ ግን ዋናው ስራ ሚጀምረው ከዚህ ነው። 2.8 አማካይ ነው፣ አማካይ ደግሞ ይደብቃል። የደንበኞቹን ዝርዝር ክፈቱና ከስማቸው ጎን ሶስት ነገር ጨምሩ፦ በየት መጣ፣ መች መክፈል ጀመረ፣ መች አቋረጠ። ከዛ በመጡበት ለዩዋቸው። ከ240ዎቹ አዲሶች ግማሹ፣ 120ው፣ ሰው ነግሯቸው ወይ ራሳቸው ፈልገው ነው የመጡት፣ ሌላው 120 በማስታወቂያ። ወጪውንም ክፈሉት፣ ከ120,000ው ውስጥ 12,000ው ብቻ ነው በራሳቸው ለመጡት የሄደው፣ 108,000ው የማስታወቂያ መንገድ ወጪ ነው። ስለዚህ በራሱ የመጣ ካኩ 100፣ በማስታወቂያ የመጣ 900።

ቸርኑንም እንደዛው ለዩት። ከ800ዎቹ ነባሮች 500ው በራሳቸው የመጡ ናቸው፣ ከነሱ 15 አቋረጡ፣ 3 ፐርሰንት። 300ው በማስታወቂያ የመጡ ናቸው፣ 25 አቋረጡ፣ ይሄ ከ12 አንድ ማለት ነው፣ በአማካይ 12 ወር ይቆያሉ። 70 በ12 ሲባዛ 840። 840 ለ900 ሲካፈል 0.93!! ማስታወቂያ ያመጣው እያንዳንዱ ደንበኛ 60 ያከስራል፣ በራሳቸው የመጡት ደግሞ ኤልቲቪያቸው 2,300 አልፎ ሬሾው 23 ስለሆነ ኪሳራውን ሸፍነውታል። በጣም አደገኛ የሚሆነው 2.8ን አይቶ የማስታወቂያ በጀት እጥፍ እናርግ ሲባል ነው፣ እጥፍ ሚሆነው ሚያከስረው መንገድ ብቻ ነውና፣ በራሱ ሚመጣ ደንበኛ በጀት ስለጨመራችሁ አይጨምርም።

ማስታወቂያውን ወዲያው ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ያቋረጡትን 25 ሰዎች አንድ በአንድ እዩ፣ ስንተኛ ወራቸው ላይ ነው የሄዱት? ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሁለት ወር ከሆነ ማስታወቂያው ሶፍትዌሩ የማይሰራውን ነገር ቃል እየገባ ነው፣ ወይ ሰዎቹ ገብተው እንዴት እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸዋል። በየወሩ እኩል ተበታትነው ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፣ ዋጋው ወይ ራሱ ሶፍትዌሩ ይሆናል። ወርሃዊው 25 ወደ 15 ቢወርድ ቸርኑ 5 ፐርሰንት፣ ኤልቲቪው 1,400፣ ሬሾው ካኩ ሳይነካ 1.56 ይሆናል። ካኩን ብቻ ከ900 ወደ 600 ብታወርዱት 1.4፣ ሁለቱም ከተሳካ 2.33። የማስታወቂያ በጀት መጨመር ማሰብ ያለባችሁ ይሄኛው የማስታወቂያው ሬሾ ለብቻው ሲስተካከል ነው፣ የድምሩን አይታችሁ አይደለም።