ከጽሑፍ ወደ ጥሪ ሲሸጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት መምህርት በአክስቷ በኩል የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ደርሷት በቴሌግራም መጻጻፍ ጀምራለች እንበል። ሰውየው የቢቸና ተወላጅ ሆኖ አሁን የሚኖረው በዋሽንግተን አቅራቢያ ነው፤ ሁለቱም ለትዳር የሚሆናቸውን ሰው እየፈለጉ መሆኑን ተነጋግረዋል። በጎጃም ከተሞች በዚህ መንገድ የሚጀመሩ ትውውቆች ብዙ ናቸው፤ የሚበላሹትም ብዙ ጊዜ በጽሑፉ ላይ ሳይሆን ከጽሑፍ ወደ ድምፅና ወደ ቪዲዮ ጥሪ በሚሸጋገሩበት ወቅት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በዚያ ሽግግር ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው፤ የመምህርቷንና የሰውየውን ምሳሌም እስከ መጨረሻው እንከተላለን።

ጥሪውን ያለ ልክ ማዘግየት

መልእክት የሚጽፍ ሰው አስቦ፣ ሰርዞና አስተካክሎ ይልካል፤ ካሻውም ከጓደኛው ጋር ተማክሮ ይመልሳል። ተቀባዩ ደግሞ የጎደለውን ድምፅ፣ ሣቅና የአነጋገር ለዛ በራሱ ምኞት ይሞላዋል። ይህ ለወራት ከቀጠለ መምህርቷ በሐሳቧ የሠራችው ሰውና በስልኩ ጫፍ ያለው ሰው የተለያዩ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ጥሪም ምንም ጥፋት ሳይኖር ቅሬታ ያሳድራል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ በጽሑፍ ሁለት ቃል ብቻ የሚመልስ፣ ደረቅ የሚመስል ሰው አፉን ሲከፍት ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው በጽሑፉ ብቻ መዝኖ መተው ያሳዝናል።

በእኔ ግምት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያልተቋረጠ መጻጻፍ በቂ ነው። ጊዜው መድረሱን የሚያሳየው ግን የቀኑ ቁጥር ሳይሆን ሁለቱም ሳይጎተጎቱ መጠየቅና መመለስ መጀመራቸው፣ እንዲሁም አንዱ የሌላውን ሥራና የቤተሰብ ሁኔታ በጥቅሉ ማወቁ ነው። በመካከል የተቀዳ የድምፅ መልእክት ጥሩ ድልድይ ይሆናል። ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ኔትወርክ እንዲኖራቸው አይጠይቅም፤ መብራት ሄዶ ስልኳ የጠፋባት መምህርት ሲመለስ ታዳምጠዋለች። ድምፅን የመስማት እንግዳነትም ከጥሪው በፊት ይቀልላል።

ሳያስታውቁ በቪዲዮ መደወል

በውጭ አገር ብቻውን በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው የቪዲዮ ጥሪ ቀላል ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን መምህርቷ ምናልባት ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር በአንድ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ወይም ወጥ እየሠራች ነው፤ ወይም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ናት። የማይታወቅ ወንድ ፊት በድንገት በስልኳ ላይ ቢታይ ለቤተሰቧ ገና ያላሰበችበትን ማብራሪያ ለመስጠት ትገደዳለች። ስለዚህ አታነሣውም፤ እሱም «አልፈለገችኝም» ብሎ ይደመድማል።

የሚሻለው አስቀድሞ እንዲህ ብሎ መጻፍ ነው፦ «በዚህ ሳምንት ለግማሽ ሰዓት ያህል በድምፅ ብናወራ ደስ ይለኛል። የሚመችሽን ቀን ንገሪኝ፤ ቪዲዮውን ሌላ ጊዜ እናደርገዋለን።» ይህ መልእክት የጥሪውን ዓይነት፣ ርዝመቱንና ቀኑን የመምረጥ መብት የማን እንደሆነ ያስታውቃል። የጊዜው መወሰን በተለይ ይጠቅማል፤ ጨዋታው ባይሰምር ሁለቱም ሳይሸማቀቁ ይሰነባበታሉ፤ ቢሰምርም ለሚቀጥለው የሚተርፍ ነገር ይኖራል።

ድምፁ ከቪዲዮው እንዲቀድም የምመክረው ስለ ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም። የቪዲዮ ጥሪ ከድምፅ ጥሪ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዳታ ይበላል፤ ኔትወርክ ሲዳከምም ቀድሞ የሚቆራረጠው እሱ ነው። በተጨማሪም በቪዲዮ ላይ ሰው የገዛ ፊቱን እያየ፣ ብርሃኑንና ከኋላው ያለውን ግድግዳ እየተጠነቀቀ ስለሚያወራ ሐሳቡ ይከፈላል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጥሪ ላይ፣ ተነጋግረው፣ ካሜራውን ቢከፍቱ የሚያዩት ፊት ቀድመው የሰሙት ድምፅ ባለቤት ይሆናል።

ሰዓቱን ግልጽ ሳያደርጉ መቃጠር

ሰውየው «ቅዳሜ በ8 ሰዓት እደውላለሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። መምህርቷ ይህን ስታነብ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን አትጠራጠርም። እሱ ግን ለዓመታት በለመደው በአሜሪካ አቆጣጠር የራሱን ጠዋት 8 ሰዓት ማለቱ ነበር። በክረምታቸው ወራት ዋሽንግተን ከኢትዮጵያ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የእሱ ጠዋት 8 ሰዓት ደብረ ማርቆስ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። መምህርቷ ከ8 ሰዓት ጀምራ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀች፤ ቅር ብሏት ስልኳን ዘግታ ገበያ ወጣች፤ እሱ በተባለው ሰዓት ሲደውል አላገኛትም። ሁለቱም ቃላቸውን አክብረው ሁለቱም የተናቁ መሰላቸው።

በዚህ ላይ የአሜሪካ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣል። በኅዳር ዋዜማ፣ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ወደ 7 ይወርዳል። የእኛ ሰዓት ስለማይለወጥ ለውጡን ማስታወስ ያለበት በዚያ ያለው ሰው ነው። ወደ ዓረብ አገሮች የሚደውሉ ሰዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይም በአንድ ሰዓት ብቻ ትቀድመናለች።

ቀኑም ሊያሳስት ይችላል። እሱ «ቅዳሜ ማታ ነፃ ነኝ» ሲል፣ የእሱ የክረምት ቅዳሜ ምሽት 10 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ አጠራር ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ለእሷ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ እሷ ቅዳሴ ላይ ልትሆን ትችላለች። የሚመቻቸው ሰዓት የሚገኘው ሁለቱም ነቅተው፣ ሁለቱም ከሥራ ነፃ በሆኑበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ለምሳሌ ቅዳሜ በእሷ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእሱ የክረምት ወቅት እኩለ ቀን ላይ ይገኛል። ቀጠሮውም ሁልጊዜ በጥሪው ተቀባይ ሰዓት ተጽፎ፣ «ጠዋት»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለው ቃል ተጨምሮበት ቢላክ ጥርጣሬ አይኖርም፦ «ቅዳሜ፣ በአንቺ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት።»

የኔትወርክን መዘግየት እንደ ሰው ቅዝቃዜ መቁጠር

በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ ላይ ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል። ሰውየው ጠይቆ መልሱ ሲዘገይበት «ዝም አለች» ብሎ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፤ በዚያው ቅጽበት የእሷ መልስ ይደርሳል፤ ሁለቱም ያቆማሉ፤ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ጨዋታው ይሞታል። መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገርን ጨርሶ ትንሽ መታገሥ ነው።

የኔትወርኩን ችግር ከሰውየው ስሜት ለመለየት የሚረዳ ምልክት አለ። መዘግየቱ የኔትወርክ ከሆነ ለቀላሉም ለከባዱም ጥያቄ መልሱ በእኩል ይዘገያል፤ ቃላትም ከመካከላቸው ይቆረጣሉ፤ ካሜራውን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ሲቀጥሉ ወይም ወደ መደበኛው የስልክ ጥሪ ሲዞሩ ሁኔታው ይሻሻላል። ሰውየው ራሱ የቀዘቀዘ እንደሆነ ግን ጥራት ባለው መስመርም ላይ መልሱ አጭር ነው፤ በተራው የሚጠይቀው ነገርም የለውም። በአንድ ጥሪ ብቻ መፍረድም አይገባም፤ በእኛ ዘንድ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲነጋገሩ ቁጥብ መሆን የአስተዳደግ ምልክት ነውና።

እዚህ ላይ ለውጭ ነዋሪዎች አንድ ነገር ላሳስብ። ጎጃም ውስጥ ሰላምታው ረዥም ነው፤ ሰላም የሚባለው ሰው ራሱ፣ ቤተሰቡ፣ ሥራውና ጤናው በየተራ ይጠየቃሉ። ይህን «ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» ብሎ ማቋረጥ ሰውን ያስቀይማል።

መስመሩ ሲቋረጥ መልሶ የሚደውለው ማን እንደሆነም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከደወሉ ሁለቱም መስመር ይያዝባቸዋል። መጀመሪያ የደወለው መልሶ ይደውል ብሎ መስማማት ይበቃል። ዳታ ጨርሶ ከጠፋ ኢንተርኔት የማይፈልገው አጭር የጽሑፍ መልእክት «ኔትወርክ ሄደ፣ ነገ እንቀጥላለን» ለማለት ያስችላል።

ቪዲዮን ከሚገባው በላይ ማመን

ፊቱን ያየነው ሰው ታማኝ ይመስለናል። የቪዲዮ ጥሪ ቢበዛ የሚጠቁመው ግን ጥቂት ነገር ነው፦ የተላኩት ፎቶዎች የዚያ ሰው መሆናቸውን። ሥራው የተናገረው መሆኑን፣ ሚስት አለመኖሯን ወይም በእርግጥ በተባለው ከተማ መኖሩን አያሳይም። ለዚህ በጎጃም የቆየው መንገድ አሁንም ይሠራል፤ የማን ልጅ እንደሆነ በቢቸና ባሉ ዘመዶች በኩል ማጣራት። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠሩም ስለማይቀር፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥሪ የአያትና የቅድመ አያት ስም መጠያየቅ እንደ ምርመራ አይታይም።

በሌላ በኩል ቪዲዮ ለጊዜው አልፈልግም ያለ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ የቤቱ ሁኔታ ወይም የዳታው ዋጋ ሊከለክለው ይችላል። ሊያሳስብ የሚገባው ምክንያቶቹ እርስ በርስ ሲጣሉ ነው። ካሜራዬ ተበላሽቷል የሚል ሰው በዚያው ሳምንት በዚያው ስልክ የተነሣ አዲስ ፎቶ ከላከ ምክንያቱ ያጠራጥራል። በድምፅም በቪዲዮም ሳይገኝ ስለ ገንዘብ ያነሣ ሰው ጋር ግንኙነቱን ማቆም ይገባል፤ ምክንያቱ ሕመም ይሁን የቪዛ ክፍያ ልዩነት የለውም።

በቪዲዮ ጥሪ ላይ የሚታየው ሁሉ በሌላው ወገን ስልክ ሳይታወቅ ሊቀረጽ እንደሚችልም መታወስ አለበት። መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም ቤተሰብ እንዲያየው የማትፈልጉት ነገር በካሜራ ፊት አይቅረብ።

ጥሪው ከተጀመረ በኋላ ጽሑፉን መተው

መደወል ሲለመድ መጻፍ ይቀራል፤ ከዚያ ኔትወርክ የጠፋበት ሳምንት ሲመጣ በመካከላቸው ምንም አይኖርም። ጥሪው ባለቀበት ምሽት አጭር መልእክት መላክ ልማድ ቢሆን፣ ከንግግሩ አንድ ነገር አንሥቶ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቢያስታውቅ በቂ ነው፦ «ስለ እናትሽ ሕመም የነገርሽኝን እያሰብሁት ነው፤ እግዚአብሔር ይማራት። እሁድ በአንቺ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት እደውላለሁ፤ ካልተመቸሽ እስከ ዓርብ ንገሪኝ።»