ቲሸርት በስክሪን ፕሪንት ለምታሳትሙ፦ ከለር ቆጠራ፣ ቀጫጭን መስመር እና የዲዛይኑ ቦታ

አድዋ ሲቃረብ የሚመጣልኝ ዲዛይን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ጥቁር ቲሸርት፣ ፈረስ ላይ ያለ አርበኛ፣ ከኋላው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ከስር በነጭ ፅሁፍ። አብረውት የሚመጡት ስህተቶችም ያው ናቸው፣ ስለዚህ በዚሁ ዲዛይን ላስረዳችሁ።

«ሶስት ከለር ነው» ብሎ ዋጋ መጠየቅ

ይሄን ነገር መስማት በጣም ነው የሰለቸኝ። ባንዲራው ሶስት ስለሆነ ዲዛይኑም ሶስት ከለር ይመስላችኋል፣ ዋጋ ስነግራችሁ ደግሞ ልዘርፋችሁ የተነሳሁ ይመስላችኋል። ስክሪን ፕሪንት ላይ አንድ ከለር ማለት አንድ ፍሬም፣ ማለትም ቀለም የሚያሳልፍ ጨርቅ የተወጠረበት አንድ ማተሚያ ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም ፊልም ይወጣል፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ኢሙልሽን ይቀባል፣ ብርሃን ይመታል፣ ይታጠባል፣ ከዛ ከሌሎቹ ጋር አንድ በአንድ ይገጣጠማል። 10 ቲሸርት አሳተማችሁ 200፣ የፍሬሙ ስራ አይቀንስም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሶስት። ነጩ ፅሁፍ አራት። ፈረሱ ግራጫ ነው፣ አምስት። የአርበኛው ፊት ቡናማ ነው፣ ስድስት። ጋሻው ላይ ወርቃማ አለ፣ «ኧረ እሱ እኮ ከቢጫው ጋር ይቀራረባል» ትሉኛላችሁ። ይቀራረባል ማለት ሌላ ከለር ነው ማለት ነው፣ ሰባት! ገና ነው፣ ቲሸርቱ ጥቁር ነዋ። ቢጫን በቀጥታ ጥቁር ላይ ካተምነው ደብዝዞ ወደ ቆሻሻ አረንጓዴ ያደላል፣ ቀዩም ይጠቁራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከስር ነጭ ቤዝ ይታተማል፣ በሙቀት ትንሽ ይደርቃል፣ ከዛ ነው ከለሩ ከላይ የሚመጣው። ነጩ ፅሁፍ ከቤዙ ጋር በአንድ ፍሬም ሊወጣ ይችላል፣ ግን ፅሁፉ ቦግ ይበል ካላችሁ ነጩ በሌላ ፍሬም ይደገማል፣ ስምንተኛ ፍሬም ማለት ነው።

ይሄው ዲዛይን ሳይበላሽ ወደ አራት ይወርዳል። የፈረሱ ግራጫ የነጩ ከለር ነጠብጣብ ይሆናል፣ ከራቅ ብሎ ሲታይ ግራጫ ነው። ጋሻው የባንዲራውን ቢጫ ይወስዳል። የአርበኛው ፊት በነጭ መስመር ብቻ ይሳልና ውስጡ ክፍት ይተዋል፣ ጥቁሩን ቲሸርቱ በነፃ ይሰጣችኋል። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አለቀ።

በአይን ብቻ አትቁጠሩ ደሞ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ በቀዩና በጥቁሩ መሃል ጠርዙ ላይ ብዙ አይነት ቀይ አለ፣ እናንተ አንድ ቀይ ታያላችሁ እንጂ ኮምፒውተሩ አያይም። የተሰራበትን ኦሪጅናል ፋይል ላኩ፣ እሱንም በፋይል መልክ። ዲዛይኑን በኢላስትሬተር የሰራችሁ ከሆነ ዶክመንቱ CMYK ይሁን፣ ከለሮቹን ስፖት ከለር፣ ማለትም እያንዳንዱ ለብቻው ፊልም የሚወጣለት ከለር አድርጓቸው፣ ከዛ Window > Separations Preview ክፈቱና Overprint Preview ላይ ምልክት አድርጉ። የአራቱን ስፖት ከለሮች የአይን ምልክት አጥፉ። አሁን ስክሪኑ ላይ የቀረ ነገር ካለ ወደ ስፖት ያልተቀየረ ከለር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ አይነት ቀይ በሁለት ስም ካያችሁ ሁለት ፊልም ነው የሚወጣው፣ አንዱ ላይ ጠቅልሉት።

ስክሪን ላይ ስለታየ ቲሸርት ላይም ይወጣል ብሎ ማሰብ

የፍሬሙ ጨርቅ ክር ነው፣ ቀለሙ የሚያልፈው በክሮቹ መሃል ነው። በሴንቲሜትር 43 ክር ያለው ጨርቅ (ለቲሸርት በጣም የተለመደው ነው) ከአንዱ ክር እስከ ቀጣዩ 0.23 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የእናንተ መስመር 0.2 ሚሊሜትር ከሆነ ክር ላይ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው፣ አንዱ ጋ ይወጣል አንዱ ጋ ይቆረጣል፣ ሰያፍ ከሆነማ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። እኔ ከ0.35 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከ1 ፖይንት በታች አልቀበልም። በከለር መሃል ክፍት የሚተው መስመር ከሆነ ደግሞ እጥፍ አድርጉት፣ ምክንያቱም ቀለም ሲታተም ወደ ጎን ይሰፋና ክፍቱን ይደፍነዋል። ጨርቁን ወደ 77 ክር ማቅጠን ይቻላል፣ መስመሩም ይጠራል፣ ግን የሚያልፈው ቀለም ስለሚያንስ ጥቁር ላይ ነጩ ይሳሳል።

ፊደላችን እዚህ ጋ ጣጣ አለው። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ከተደፈነች ከ«ቢ» ጋር ትምታታለች፣ ከ«ሸ» አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ከጠፋች «ሰ» ሆናለች። እና የብራና ፅሁፍ አይነት ቅጥነቱና ውፍረቱ የሚለያይ ፎንት መርጣችሁ በትንሹ አትፃፉበት። በፅሁፉ ውስጥ ያለችውን በጣም ጠባብ ቀለበት ፈልጉና ለኩ፣ በሚታተምበት ትክክለኛ መጠን ማለቴ ነው፣ 400% ዙም አድርጋችሁ አይደለም።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ነጩ ቤዝ ከለሩ ስር ጠርዙ እንዳይታይ በየጎኑ 0.2 ሚሊሜትር ያህል እናጠበዋለን። ስለዚህ 0.4 ሚሊሜትር የሆነ ቀይ መስመር ስር ቤዝ አይቀርም፣ ከሁለቱም ጎን ተበልቶ አልቋል። ጥቁር ቲሸርት ላይ ቀጭን ነገር ካላችሁ በነጭ ብቻ ይሁን፣ የፈረሱ ልጓምም ቢሆን።

መስመር ሲጠፋ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፍሬሙ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። መስመሩ እዛው ፍሬሙ ላይ ተዘግቶ ከሆነ መጠኑ አንሶ ነው፣ ወይ ብርሃኑ በዝቶ ወይ ፊልሙ ከኢሙልሽኑ ጋር ሳይጣበቅ ቀርቶ። ፍሬሙ ላይ ክፍት ሆኖ ቲሸርቱ ላይ ከጠፋ ቀለሙ የፍሬሙ ጨርቅ ውስጥ ደርቋል፣ ይሄ በውሃ በሚሰራ የማተሚያ ቀለም ላይ ይበዛል።

ዲዛይኑን የቲሸርቱ መሃል ላይ ማስቀመጥ

የቲሸርቱ መሃል ሆድ ነው! ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ልክ የመሰላችሁ ሲለበስ እምብርት ጋ ይወርዳል። የዲዛይኑ አናት ከአንገቱ ስፌት 7 ወይ 8 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር፣ ለትንንሽ ሳይዝ 5 ወይ 6።

ወርዱን ደግሞ በራሳችሁ ሳይዝ አትወስኑ። ኤክስኤል የሚለብስ አስተባባሪ 34 ሴንቲሜትር ይለኛል፣ ትእዛዙ ውስጥ ግን ስሞል አለ፣ ፍሬሙ ለሁሉም አንድ ነው፣ ስሞሉ ላይ የፈረሱ ጭራ ብብት ስር ይገባል። በትእዛዙ ውስጥ ባለው ትንሹ ሳይዝ ለኩ፣ ለአዋቂ 28 አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። የልጆች ካለ ሌላ ፍሬም ነው፣ ክርክር የለውም።

መሃሉን በፋብሪካው እጥፋት መስመር አትፈልጉ፣ ጠማማ ነው። ሁለቱን ትከሻ አጋጥማችሁ እጠፉና አንገቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ፈረሱ ደግሞ ጭራው ረዥም ስለሆነ ሶፍትዌሩ «ሴንተር» ሲለው አርበኛው ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ጭራውን ረስታችሁ ሰውየውን መሃል አድርጉት።

ፎንቱን ወደ አውትላይን ሳትቀይሩ አትላኩ፣ እኔ ጋ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ነው የሚሆነው። ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ካሳተማችሁ የጨርቁ ቀለም ወደ ላይ ወጥቶ ነጩን ሮዝ ሊያደርገው እንደሚችል እወቁ።

ዲዛይኑን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ ፕሪንት አድርጉ፣ ቆርጣችሁ ስሞሉ ላይ በፕላስተር ለጥፉና ሰው ይልበሰው፣ ሁለት ሶስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ አንብቡት። ፎቶውንም አንስታችሁ ከፋይሉ ጋር ላኩልኝ፣ ከአንገቱ ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ፅፋችሁ።