የሞባይል ባንኪንግ ሲስተምን በሁለት ሥዕል ማስረዳት

አንድ ባንክ የሞባይል ባንኪንግ ሲስተም እየሠራ ነው እንበል። ደንበኛው በአፕ ወይም በዩኤስኤስዲ አጭር ቁጥር ይጠቀማል። የሶፍትዌር ሲስተምን በደረጃ በሚያሳየው፣ ሲፎር በሚባለው አሳሳል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች፣ ኮንቴክስትንና ኮንቴይነርን፣ እንሳል።

1. ኮንቴክስቱን ሳሉ። መሃል ላይ አንድ ሳጥን ብቻ አድርጉና «ሞባይል ባንኪንግ» በሉት። ዙሪያውን ደንበኛውን፣ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛውን፣ የደንበኞችን ሂሳብ የሚይዘውን ኮር ባንኪንጉን፣ ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ኢትስዊችን፣ የቴሌኮሙን የዩኤስኤስዲና የኤስኤምኤስ መግቢያ አስቀምጡ። ኮር ባንኪንጉ የባንኩ ሆኖ ሳለ ለምን ውጭ ሆነ? ይህ ቡድን አይሠራውም፣ አይለውጠውምም። ድንበሩን የሚወስነው ይኸው ነው።

2. ቀስቶቹን በሥራ ቋንቋ ጻፉ። «ቀሪ ሂሳብ ይጠይቃል»፣ «የማረጋገጫ ኮድ ይልካል»። ፕሮቶኮል፣ ዳታቤዝ፣ የፕሮግራም ቋንቋ እዚህ ቦታ የላቸውም። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ሥዕሉን አይቶ ካልገባው ዝርዝር በዝቷል ማለት ነው።

3. አሁን መሃሉን ሳጥን ክፈቱት። ኮንቴይነር ሲባል የዶከሩ እንዳይመስላችሁ፤ ሲስተሙ እንዲሠራ ለብቻው መነሳት ያለበት ፕሮግራም ወይም የዳታ ማከማቻ ነው። በእኛ ባንክ አራት አሉ፦ በፍለተር የተሠራው አፕ፣ የዩኤስኤስዲ ሜኑውን የሚያስኬደው አገልግሎት፣ በጃቫ የተጻፈው ኤፒአይ፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ። ቴክኖሎጂው እዚህ ይጻፋል። ቀስቱም «ዝውውር ይጠይቃል፣ በኤችቲቲፒኤስ» ይሆናል።

ዳታቤዙ ላይ ምን እንደሚቀመጥም ጻፉ። የተመዘገቡ ስልኮችና የዝውውር ጥያቄዎች እኛ ጋ አሉ፤ ቀሪ ሂሳቡ ግን ኮር ባንኪንጉ ጋ ነው። ይህች አንድ መስመር ከቀረች፣ ሁለት የተለያየ ቀሪ ሂሳብ የሚያሳይ ሲስተም ሊሠራ ይችላል።

የፒን ማረጋገጫው ክፍል ኤፒአዩ ውስጥ ያለ ኮድ ስለሆነ ሦስተኛው ደረጃ፣ ኮምፖነንት፣ ላይ ይሳላል። የሰርቨር ብዛትና ሎድ ባላንሰር ደግሞ የራሳቸው የዲፕሎይመንት ሥዕል አላቸው።

4. ሁለቱን ሥዕሎች አስተያዩ። እኔ በጣም የምወደው ይህን እርምጃ ነው፤ ስህተት የሚገኘው እዚህ ነውና። ከድንበሩ ውጭ ያሉት ሰዎችና ሲስተሞች በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለባቸው። ኮንቴክስቱ ላይ ከሞባይል ባንኪንግ ወደ ኢትስዊች ቀስት ስላችኋል እንበል። ኮንቴይነሩ ላይ ቀስቱን ከየትኛው ሳጥን ታስነሳላችሁ? ኤፒአዩን የጻፈውን ባልደረባ ስትጠይቁት «እኛ ለኮር ባንኪንጉ እንልካለን፤ ወደ ኢትስዊች የሚልከው እሱ ነው» አላችሁ። እንግዲያውስ ስህተቱ የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ነው። ቀስቱን ከኮር ባንኪንጉ አስነሱት፤ ወደ ሌላ ባንክ የተላከ ገንዘብ ሲዘገይም መጀመሪያ ማን ጋ እንደሚደወል ከሥዕሉ ይታያል።