ከሳጥን የወጣ ብርድ ልብስ ሽታው እንዳይለቅ የሚያደርጉ ስህተቶች

ለወራት ተጣጥፎ የከረመ ብርድ ልብስ ወይም ልብስ ከሳጥን ሲወጣ እምክ እምክ የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ሲቀመጥ በውስጡ የቀረ ወይም ኋላ የገባ እርጥበት ሻጋታ ስላበቀለበት ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት ሽቶ መርጨት ነው። ሽቶው ለጥቂት ሰዓታት ሽታውን ቢሸፍነውም ሻጋታው ከነእርጥበቱ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ሽቶው ሲተን የቀድሞው ሽታ ይመለሳል።

ሌላው ስህተት ሳሙና አብዝቶ ማጠብና ማለስለሻ መጨመር ነው። በደንብ ታጥቦ ያልወጣ ሳሙናም ሆነ ማለስለሻ በክሩ ላይ ስለሚቀር ሽታውን ይዞ ያቆየዋል። የጥጥ ብርድ ልብስ ከሆነ አስቀድሞ ደጅ አውጥቶ ማራገፍ፣ ከዚያም በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ ኩባያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሮ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በመጨረሻም በመጠነኛ ሳሙና አጥቦ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይሻላል። ሱፍ ግን በሙቅ ውኃና በማሸት ስለሚኮማተር፣ በላዩ ላይ ያለውን የአስተጣጠብ ምልክት ሳይመለከቱ መንከር አይገባም።

ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል።

እኔ አብዝቼ የማሳስበው ግን ስለ ማድረቁ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ጠዋት ተሰጥቶ ማታ ሲዳሰስ የደረቀ ይመስላል፤ ሆኖም ጠርዙና የተሰፋበት ቦታ ውስጥ ውስጡን እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በአንድ ወቅት እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ አጥፌ ሳጥን ውስጥ አስገብቼው ነበር፤ በሳምንቱ ስከፍተው ሽታው ተመልሶ ነበር፣ የበረታውም ከጠርዙ ስፌት ዘንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማጠቤ በፊት ደረቁን እመዝነዋለሁ፤ ለምሳሌ 2 ኪሎ ከነበረና ተሰጥቶ ከዋለ በኋላ 2 ኪሎ ከ150 ግራም ከሆነ፣ ትርፉ በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ እያገላበጥሁ ዳግመኛ አሰጣዋለሁ። ሚዛን የሌለው ሰው ብርድ ልብሱን አጥፎ ለአንድ ሰዓት ያህል ካቆየ በኋላ እጁን በእጥፋቶቹ መካከል ቢያስገባ፣ ከውጪው ይልቅ ቀዝቀዝ ካለው ገና አልደረቀም ማለት ነው።

በመጨረሻም ንጹሕ ልብስን ወደሚሸተው ሳጥን መመለስ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሳጥኑን ባዶ አድርጎ፣ ማዕዘኖቹን ኮምጣጤ ባለው እርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ክፍት እንደሆነ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ያስፈልጋል። እንጨቱ አሁንም የሚሸት ከሆነ በሳህን የተደረገ ቤኪንግ ሶዳ ውስጡ አስቀምጦ ዘግቶ ማሳደር ይረዳል፤ ልብሱም ሲመለስ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሊተውለት ይገባል።