መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክም ደክሞ ያመለጣችሁን የኦንላይን ክፍል ለመምህር እንዴት ማስረዳት ይቻላል

«መምህር፣ መብራት ጠፍቶብኝ ነው፤ ኔትወርክም አልነበረም፤ ይቅርታ።» አብዛኛው ተማሪ የሚልከው ይህንን ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም መምህሩ በዚህ ብቻ ምንም ሊወስን አይችልም። የትኛው ክፍለ ጊዜ እንዳመለጣችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረባችሁና ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ አልተጻፈም።

1. ሰዓቱን ያዙ

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር ግን ወዲያው ይጠፋል። የመምህሩ ምስል ባለበት ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ ከዚያ እንደገና ለመገናኘት እየሞከረ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል። በዚያች ደቂቃ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ቆይቶ በግምት የሚጻፍ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

2. አጭር መልእክት ወዲያው ላኩ

ዳታ እንቢ ካለ ኤስኤምኤስ ሊያልፍ ይችላል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውምና። የመምህሩ ስልክ ከሌላችሁ ለክፍል ተጠሪው ወይም ለጓደኛ ላኩና እንዲያደርስላችሁ ጠይቁ። «መብራት 8፡25 ላይ ጠፋ፤ በስልክ ልገባ እየሞከርኩ ነው» ይበቃል። ኢሜይል ከላካችሁ ግን ኔትወርክ እስኪመለስ Outbox ውስጥ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የሆነውን ሰዓት ራሱ ጽሑፉ ውስጥ አስገቡት።

3. መብራቱንና ኔትወርኩን ለዩ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። መብራት ሲጠፋ አንድ ጊዜ ትወጣላችሁ፤ ኔትወርክ ሲደክም ግን ደጋግማችሁ ትገባላችሁ፣ ትወጣላችሁ። እንደ ዙም ያሉ መተግበሪያዎች ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ ሊመዘግቡ ስለሚችሉ መምህሩ ዝርዝሩን ሊያየው ይችላል።

አንዲት ተማሪ ከ8፡00 እስከ 9፡30 የሚቆይ ክፍል ነበራት እንበል። 8፡25 ላይ መብራት ጠፋ። 8፡40 ላይ በስልኳ ዳታ ገባች፤ እስከ 9፡05 ድረስ ሦስት ጊዜ ተቋረጠባትና ከዚያ ወዲያ መግባት አልቻለችም። «ክፍሉ ሙሉ በሙሉ አመለጠኝ» ብትል መዝገቡ የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች እንደተከታተለች ያሳያል፤ እውነተኛ ችግሯም ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል። ሁለቱን ለይታ ብትጽፍ ግን ያ የተቆራረጠ መዝገብ ራሱ ምስክር ይሆናታል።

በዚያው ሰዓት በቴሌግራም ጽሑፍ ልካችሁ ከነበረም አትደብቁት። ቪዲዮ የማይሸከም ደካማ ኔትወርክ አጭር ጽሑፍ ያሳልፋል። «ጽሑፍ ይሄድ ነበር፣ ድምፅ ግን አልመጣም» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

4. ሙሉውን መልእክት ጻፉ

ግንኙነት ሲመለስ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ እንዲህ አድርጋችሁ ላኩ፦

> ጉዳዩ፦ የማክሰኞ የስታቲስቲክስ ክፍል፣ ክፍል ለ
>
> ክቡር መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ።
> ዛሬ ከ8፡00 እስከ 8፡25 ክፍሉን ተከታትያለሁ። 8፡25 ላይ መብራት ጠፋ። 8፡40 ላይ በስልክ ዳታ ብገባም ሦስት ጊዜ ተቋርጦብኝ ከ9፡05 በኋላ መግባት አልቻልኩም። ስክሪንሾት አያይዣለሁ።
> የጓደኛዬን ማስታወሻ ወስጄ እያነበብኩ ነው። የክፍሉ ቅጂ ካለ ቢልኩልኝ፣ በመጨረሻ የተሰጠውን መልመጃም እስከ ነገ ማታ እንዳስረክብ ቢፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
> ከሰላምታ ጋር፣
> (ሙሉ ስምና መለያ ቁጥር)

ጥያቄው በቀን የተወሰነ ስለሆነ መምህሩ «ይሁን» ብቻ ብሎ ሊመልስ ይችላል። «የሚቻለውን ያድርጉልኝ» ስትሉት ግን የማሰቡን ሥራ እሱ ላይ ትጥላላችሁ። ስለ ቤታችሁ ችግር ረጅም ታሪክም አያስፈልግም፤ አንድ አንቀጽ በቂ ነው።

ፈተና ላይ ከሆነ

ፈተና ወይም ኩዊዝ ሲቋረጥ የመጨረሻውን መልስ ያስገባችሁት ስንተኛው ጥያቄ ላይ እንደነበር ጻፉ፤ መምህሩ ከሲስተሙ ጋር የሚያመሳክረው እሱን ነው። ተመልሳችሁ ከመግባታችሁ በፊትም ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሲስተም ዳግም መግባትን እንደ አዲስ ሙከራ ይቆጥረዋል።

ሁለት የሥራ ቀን ቆይቶ መልስ ካልመጣ አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ። የፊተኛው ላይ Reply ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ፤ የፊተኛው መልእክት ከነሰዓቱ እዚያው ከሥር ይታያል፤ ስክሪንሾቱን ግን እንደገና አያይዙት።